ወደብ ሲዘጋ፦ የውል አንቀጽ ወይስ የውል መክሸፍ?

ዕቃ በ30 ቀን ሊያስረክብ የተዋዋለ ሻጭ አለ እንበል። ማራገፊያው ወደብ ለ3 ሳምንት ተዘጋ።

ውሉ ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚል አንቀጽ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። «የወደብ መዘጋት» በስም ተጠቅሶ ከሆነ የማስረከቢያው ጊዜ ይገፋል፣ ሻጩም የመዘግየት ካሳ አይከፍልም። ብዙዎች የሚወድቁት ግን ማስታወቂያ ላይ ነው። አንቀጹ «በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ ጥበቃው ይቀራል» ካለ፣ በ10ኛው ቀን የተላከ ደብዳቤ ላያድነው ይችላል።

አንቀጹ ከሌለስ? በእንግሊዝ ሕግ የሚቀረው የውል መክሸፍ ነው፤ ማለትም ባልታሰበ ክስተት ውሉን መፈጸም የማይቻል ወይም ከታሰበው ፍጹም የተለየ ነገር ሲሆን ውሉ በራሱ ያበቃል። እሱ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው። የ3 ሳምንት መዘግየት በአብዛኛው አይበቃም፤ ወጪ መጨመሩም እንዲሁ። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲዘጋ፣ ከፖርት ሱዳን ወደ ሃምቡርግ ኦቾሎኒ ሊልክ የተዋዋለ ሻጭ ውሉ ከሽፏል ብሎ ተከራከረ። በ1961 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አልተቀበለውም። አፍሪካን ዞሮ መላክ ይቻል ነበር፣ ማጓጓዣው እጥፍ ገደማ ቢሆንም።

ቢሳካ እንኳ ውጤቱ ከባድ ነው። ውሉ አይቆምም፣ ይሞታል። ወደቡ ቢከፈት ገዢው «አሁን አምጣ» ማለት አይችልም። ቅድሚያ ክፍያው ስለ ከሸፉ ውሎች በወጣው በ1943ቱ የእንግሊዝ ሕግ ይመለሳል፤ ፍርድ ቤት ግን የሻጩን ወጪ ሊቀንስለት ይችላል።

እኔ አንቀጹን እመርጣለሁ። ሲጻፍ ግን አማራጭ ወደብ ካለ የተጨማሪውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ መዘጋቱ ከ60 ቀን ካለፈም ማን መሰረዝ እንደሚችል ይግባበት።