የሽቦ ክሬት ከስምንት ወር በኋላ፦ ሌሊት የምታለቅስ ቡችላን ማስተኛት

ክሬቱን፣ ማለትም ውሻ የሚተኛበትን በር ያለውን የሽቦ ሳጥን፣ የገዛሁት ቡኒ ቤት ከመግባቷ በፊት ነው። ቡኒ ላብራዶር ናት፤ ስትመጣ ስምንት ሳምንቷ ነበር። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አፓርትመንት ላይ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቡችላ ሌሊት ካለቀሰች ጎረቤቱም አብሮ ነቅቶ ያድራል። አሁን ስምንት ወር ሊሞላን ስለሆነ፣ ስለ ዕቃውም ስለ አጠቃቀሙም ያየሁትን ልጻፍ።

ዕቃው የሚታጠፍ የሽቦ ክሬት ነው። 42 ኢንች የሚባለው ነው፤ ርዝመቱ ወደ 107 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንድ ላብራዶር አድጎ የሚተኛበት መጠን ነው፤ ለስምንት ሳምንት ቡችላ ግን በጣም ይሰፋል። ለዚህ ነው አብሮት የመጣው የሽቦ መከፋፈያ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ። ቡችላ የምትተኛበትን ቦታ ማርጠብ አትወድም። ቦታው ከሰፋ ግን አንዱ ጥግ ላይ ሸንታ ሌላው ጥግ ላይ ሄዳ ትተኛለች። ቆማ ጭንቅላቷ ጣራውን ካልነካ፣ ዞር ማለት ከቻለች፣ እግሯን ዘርግታ ከተኛች ይበቃታል። እያደገች ስትመጣ መከፋፈያውን ወደ ኋላ መግፋት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቀን ላይ ነው። መጀመሪያ በሩን ከፍቼ፣ ዞሮ እንዳይመታት ከጎን ጋር አሰርኩት። ከደረቅ ምግቧ ጥቂት ፍሬ ወደ ውስጥ እወረውራለሁ፤ ገብታ ትበላለች፤ ስትፈልግ ትወጣለች። ከዚያ ሳህኗን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ውስጥ መብላት ከለመደች በኋላ፣ እየበላች ሳለ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሳትጨርስ እከፍተዋለሁ። ቀጥሎ በልታ ከጨረሰች በኋላ ለጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያ ለደቂቃ፣ ከዚያ እኔ ከክፍሉ ወጥቼ እስክመለስ ተዘግታ ትቆያለች። በሩ የሚከፈተው ዝም ባለችበት ቅጽበት ነው፤ ጸጥታው የአንድ ትንፋሽ ያህል ቢሆንም ይበቃል። እያለቀሰች ከተከፈተላት ማልቀስ በር እንደሚያስከፍት ትማራለች።

ችግሩ ግን ይህ ሁሉ ሳያልቅ ሌሊቱ ይመጣል። ቡችላዋ እስከ ትናንት ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ጋር ተደራርባ ነበር የምትተኛው። ዛሬ ብቻዋን ናት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክሬቱን ሳሎን ማስቀመጥ አያዋጣም። እኔ ከአልጋዬ ጎን አስጠግቼ፣ በሦስት በኩል በአንሶላ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። እጄን ስዘረጋ ጣቴ በሽቦው መሃል ይገባል። ስታለቅስ ጣቴን አሸትታ፣ ጥቂት ልሳ፣ ተኝታ ታድራለች። አንዳንድ ሰው «ተያት፣ አልቅሳ ይወጣላታል» ይላል። እናቴም በስልክ «ውሻ ግቢ ነው የሚያድረው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ገና በማታውቀው ቤት ብቻዋን ስለተተወች ፍርሃቷ ይጠፋል ብዬ አላምንም። ፍርሃት ከክሬቱ ጋር ከተያያዘባት በኋላ ማላቀቁ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ዋናው ነገር ለቅሶን መለየት ነው። ልክ እንዳስገባኋት የሚመጣው ማጉረምረም የመተኛት ለቅሶ ነው። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይቋረጣል። ሽንቷን ውጭ ጨርሳ ከገባች ጣቴ ይበቃታል፤ ትንሽ ቆይታ ትተኛለች። ሁለተኛው ለቅሶ ከእንቅልፍ ነቅታ የምታለቅሰው ነው። በዚህ ጊዜ ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ምንጣፉን ታሸታለች። ይህ የሽንት ጥያቄ ነው፤ ወዲያው መነሳት ያስፈልጋል። እንደ መነሻ፣ ቡችላ በወር ዕድሜዋ ላይ አንድ የተጨመረበት ሰዓት ያህል ትይዛለች ይባላል። የሁለት ወር ቡችላ ማለት ወደ ሦስት ሰዓት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ትንሽ ሊረዝም ይችላል።

ሌሊት ስንወጣ በእጄ ይዣት ነው፤ በእግሯ ከሄደች ኮሪደሩ ላይ ትሸናለች። ማሰሪያዋን አስሬ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ እወስዳታለሁ። ትልቁን መብራት አላበራም፣ ጨዋታ የለም። አምስት ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ከሸናች በለሆሳስ «ጎበዝ» እላታለሁ፤ ካልሸናችም እንመለሳለን። ለቅሶ ወደ ጨዋታ የሚወስድ ከመሰላት በየሰዓቱ መነሳት ነው።

ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ደግሞ ማንቂያ ደወል ነው። ቡኒ የምትነቃው ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነበር። ስለዚህ ስልኬን 20 ደቂቃ ቀደም አድርጌ ሞላሁትና ሳታለቅስ ቀስቅሼ አወጣኋት። ለጥቂት ሌሊቶች ደረቅ ሆና ስታድር ደወሉን 15 ደቂቃ አዘገየሁት፤ እንደገና ደረቅ ስትሆን ሌላ 15 ደቂቃ። ክሬቱ ከረጠበ ወደ ቀድሞው ሰዓት እመለሳለሁ። እንዲህ እያልን ወደ አራት ወሯ ስትጠጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መተኛት ቻለች።

መሃል ላይ ግን ወደ ኋላ ተመለሰች። በደንብ ትተኛ የነበረችው ውሻ በየሰዓቱ መነሳት ጀመረች፤ ውጭ ስትወጣም ጠብ ጠብ ብቻ ነው የምታደርገው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ስንሄድ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ወስዳ ተስተካከለ። የተማረችውን በድንገት የረሳች ቡችላ ካጋጠመቻችሁ ከሥልጠናው በፊት ጤናዋን አስመርምሩ።

ሌላው ልብ የሚባል ነገር ድንጋጤ ነው። ቡችላዋ ለሃጯ እየወረደ ከሆነ፣ ሽቦውን እየነከሰች ድዷ ከደማ፣ ገና ሸንታ ገብታ ክሬቱን ካቆሸሸች፣ ይህ ተራ ለቅሶ አይደለም። በሩን ክፈቱና በክሬት ሳይሆን በአጥር በተከለለ ሰፊ ቦታ ሞክሩ፤ ሐኪምም አማክሩ። የአንገት ቀበቶዋ ደግሞ ወደ ክሬት ከመግባቷ በፊት ይውለቅ፤ ሽቦ ላይ ተይዞ ሊያንቃት ይችላል። አውሮፓ ያላችሁ የአገራችሁን ሕግ ማየት አለባችሁ። ስዊድን ውስጥ ለምሳሌ ውሻን ቤት ውስጥ በተዘጋ ክሬት ማሳደር አይፈቀድም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሽቦው እስካሁን አልተጣመመም፣ ቀለሙም አልተላጠም። የመከፋፈያው መንጠቆዎች ግን ደካማ ናቸው። ቡችላ ስትገፋቸው ይወልቃሉ፤ ክፍተቱ ውስጥ እግር ሊያዝ ይችላል። እኔ በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቄ፣ ጫፉን ቆርጬ፣ ቋጠሮውን ወደ ውጭ አዞርኩት። ከታች ወለል የሚሆነው የላስቲክ ትሪ ስትገላበጥ ይንኳኳል፤ ሌሊት ድምፁ ያነቃል። ከትሪው ስር የታጠፈ ፎጣ ማንጠፍ ዝም ያሰኘዋል። ጥርስ ስታወጣ የትሪውን ጥግ በልታ ሰንጥቃዋለች፤ አንሶላውንም በሽቦው መሃል ስባ ቀዳዋለች፣ ስለዚህ ከጎን ትንሽ ራቅ ማድረግ ይሻላል። ለጽዳት ኢንዛይም ያለበትን ማጽጃ ተጠቀሙ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የሽንት ሽታ ስለሚመስል እዚያው ደግማ ትሸናለች።

መተኛት ከለመደች በኋላ ክሬቱን በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ፣ በመጨረሻ ሳሎን አወጣሁት። አንዴ ዘልዬ አልወሰድኩትም። መከፋፈያው ወልቋል፤ በሩ ቀን ላይ ክፍት ነው፤ ራሷ ገብታ ትተኛለች። ያገለገለ ክሬት የምትገዙ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መከፋፈያው አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ብዙ ሰው ውሻው ሲያድግ ይጥለዋል፤ ትሪው ለብቻው በቀላሉ ይገኛል፣ ልክ የሚሆን መከፋፈያ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።