ኤስክሮው ወይስ ኧርን-አውት፦ ከሽያጩ ዋጋ ወደ ኋላ የሚቆየው ክፍል

ድርጅት ሲሸጥ ከዋጋው ወደ ኋላ የሚቆየው ገንዘብ በኤስክሮው ከሆነ በሽያጩ ዕለት ከገዢው እጅ ወጥቶ በሦስተኛ ወገን ሒሳብ ይቀመጣል፤ ያልተገለጸ ዕዳ ወይም የታክስ ጉድለት ካልተገኘ ቀኑ ሲደርስ ለሻጩ ይለቀቃል። በኧርን-አውት ግን ብዙውን ጊዜ የተቀመጠ ገንዘብ የለም፤ ሻጩ የያዘው፣ ድርጅቱ ወደፊት የታቀደለት ውጤት ላይ ከደረሰ ገዢው እንደሚከፍለው የሚገልጽ ግዴታ ብቻ ነው።

ስሌቱ ይበልጥ የሚያጣላው እዚህ ላይ ነው። ዓመታዊ ትርፉ 300,000 ከደረሰ 200,000 ይከፈላል ተባለ እንበል። ድርጅቱ 320,000 አተረፈ፤ ገዢው ግን ከዋናው መሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ወጪ 40,000 አካፍሎ ጫነበት። ትርፉ ወደ 280,000 ወረደ፤ ሻጩም ምንም አላገኘም። ውሉ «ትርፍ» ብሎ ብቻ ካለፈ ገዢው የሚከራከርበት መሠረት አለው። ስለዚህ የማይቀነሱትን ወጪዎች በስም መዘርዘር፣ በቁጥር የተሠራ ምሳሌም ከውሉ ጋር ማያያዝ ይገባል። ከሥራ አመራሩ ለሚለቅ ሻጭ ኤስክሮው ይሻላል፤ ወጪ የሚመዘግበው ሌላ ሰው ነውና።

በኤስክሮው ጠቡ ጠበብ ይላል፦ የገዢው የካሳ ጥያቄ በጽሑፍ፣ ከነመጠኑ፣ ቀኑ ሳያልፍ ደርሷል ወይ? ውሉ የተጠየቀው መጠን ብቻ ይያዝ ካላለ ግን የ10,000 ጥያቄ በኤስክሮው የተቀመጠውን 100,000 በሙሉ ሊያሳግድ ይችላል።