ሎጎውን አንዴ ቀይሬ ሁሉም ሞክአፕ ላይ ሲቀየር፦ ከስምንት ወር በኋላ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ቤቴ ሆኜ ነው። ለዳቦ ቤት፣ ለካፌና ለትናንሽ ሱቆች ሎጎ እሠራለሁ። ሎጎው ኩባያና ከረጢት ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ በሞክአፕ አሳያለሁ። ድሮ ደንበኛ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር እያንዳንዱን ፋይል ከፍቼ አዲሱን ሎጎ እለጥፋለሁ፣ አጣምማለሁ፣ ጥላውን አስተካክላለሁ። አንዱን እረሳና አሮጌው ሎጎ እዚያው ይቀራል። ላለፉት ስምንት ወራት ግን በፎቶሾፕ ስማርት ኦብጀክትና ሊንክ ብቻ ነው የሠራሁት። ወደ ድሮው አልመለስም።

ስማርት ኦብጀክት ማለት ሌላ ፋይል በውስጡ የያዘ ሌየር ነው። ሎጎውን ኩባያው ላይ ስታጣምመው የሚጣመመው ውጪው ነው፤ ውስጡ ያለው ሎጎ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ የሌየሩን ትንሽ ምስል ሁለቴ ትጫናለህ፣ ውስጡ በሌላ መስኮት ይከፈታል፣ ቀይረህ `Ctrl+S` ትላለህ፤ ኩባያው ላይ አዲሱ ሎጎ በነበረው ጥምዝ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የበላኝ ኮፒ ማድረጉ ነው። በ`Ctrl+J` ያበዛኸው ከዋናው ጋር አንድ ምንጭ ይጋራል፤ አንዱን ስትቀይር ሁሉም ይቀየራል። `New Smart Object via Copy` ግን ራሱን የቻለ ሌላ ምንጭ ይፈጥራል። ሁለቱ ሌየር ዝርዝሩ ላይ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ በዓይን አትለያቸውም። አንዱን ከፍተህ ሎጎው ላይ ትልቅ ቀይ መስመር አስምርና ሴቭ አድርግ። መስመሩ ያልታየበት ቦታ ካለ እሱ የተለየ ምንጭ ነው። ከዚያ መስመሩን አጥፍተህ እንደገና ሴቭ አድርግ።

ይሄ ሁሉ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። ኩባያው፣ ከረጢቱ፣ ሽርጡና ታፔላው አራት የተለያዩ ፋይሎች ከሆኑ `Place Linked` ያስፈልጋል። ሎጎው ውጪ፣ በራሱ ፋይል ይቀመጥና አራቱም እሱን ያያሉ።

ሰፈራችን ላለች አንዲት ዳቦ ቤት ስሠራ ባለቤቷ እትዬ መጀመሪያ የሠራሁትን ክብ ሎጎ ወደውት ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ደውለው «አንተ ልጅ፣ ስሙ ከሩቅ አይነበብም፣ ዘርጋ አድርገህ ጻፍልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም `Replace Contents` ብዬ ክቡን በረጅሙ ተካሁት፤ ሎጎው ከኩባያው ጠርዝ ወጥቶ አረፈው። የአዲሱ ፋይል ስፋትና ቁመት ከድሮው ጋር ስለማይመጣጠን ነው።

መለስኩትና ሌላ መንገድ ሄድኩ። `logo.psd` የሚባለውን 2000 በ2000 ፒክስል ፋይል ከፍቼ ሸራውን ሳልነካ ክቡን ደበቅሁ፤ ረጅሙን በዚያው ስፋት ውስጥ አስገብቼ ሴቭ አደረግሁ። የተከፈተው የኩባያ ፋይል ወዲያው ተቀየረ። ተዘግተው የነበሩትን ሦስቱን ስከፍት ሌየሩ ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት አየሁ፤ በቀኝ ተጭኜ `Update Modified Content` አልኩ፣ አለቀ። ታፔላው ላይ ግን ጽሑፉ በጣም አነሰ፤ ለካሬ ተብሎ የተሠራ ሸራ ለረጅም ታፔላ አይሆንም። አሁን ለእያንዳንዱ ደንበኛ `logo-square.psd` እና `logo-wide.psd` ብዬ ሁለት ምንጭ ከመጀመሪያው አዘጋጃለሁ።

ቡናማው ኩባያ ላይ ሎጎው ነጭ መሆን ነበረበት። ነጩን ምንጩ ውስጥ አልቀባሁም፤ ውጪ ሌየሩ ላይ `Color Overlay` ሰጠሁት። ሎጎው ሲለወጥ ነጩ አብሮ ይቀጥላል። አዲሱ ሎጎ ከጀርባው ነጭ ሳጥን ይዞ ከመጣ ግን ኩባያው ላይ የሚታይህ ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ስለዚህ ምንጩ ጀርባ የሌለው መሆኑን አስቀድመህ እይ።

አንዴ ደግሞ `mockup.psd`ን ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሎጎው ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ሌየሩ ላይ ግን ቀይ የጥያቄ ምልክት አለ። ምንጩ ቤት ስለቀረ ሎጎው ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ማረም አልቻልኩም። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ፋይል ከቤት ሲወጣ `File > Package` እላለሁ፤ ፎቶሾፕ ፋይሉንና ሊንኮቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበስባል። ፎልደሩን ሙሉውን ነው የምገለብጠው። አንድ ፋይል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ኮፒው ላይ `Embed Linked` አድርጌ እሰጣለሁ፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ከምንጩም ይለያል፣ ሎጎው ግን ውስጡ አለ።