ሞደምና ፍላሽ ለጌስት ማሳለፍ፦ ቨርቹዋልቦክስ፣ ቪኤምዌር፣ ሃይፐር-ቪ ወይስ ኬቪኤም?

ጅማ ውስጥ፣ ሂርማታ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ እናስብ። ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ አለ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ግን ዊንዶውስ ካልሆነ አይሠራም፤ ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ተጭኗል። ፕሮግራሙ ለአቅራቢዎች የዕለቱን ዋጋ በኤስኤምኤስ ይልካል። ለዚህ ሲም ካርድ ያለበት ዩኤስቢ ሞደም ያስፈልገዋል፤ ሞደሙ ደግሞ መድረስ ያለበት ለጌስቱ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ላለው ዊንዶውስ ነው።

ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ይህን ሁሉ ተዉት። ሞደሙ ሆስቱ ላይ፣ ማለትም ኡቡንቱው ላይ ይገናኝ፣ ጌስቱ በNAT ይጠቀም፣ አለቀ። ሞደሙን ማሳለፍ የሚያስፈልገው ጌስቱ ራሱ ኤስኤምኤስ ሲልክ ወይም *804# ደውሎ ሒሳብ ሲጠይቅ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከሞደሙ ጠባይ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የሁዋዌ ሞደሞች ሲሰኩ መጀመሪያ ሲዲ መስለው ይታያሉ፤ የራሳቸውን ሶፍትዌር የሚያስጭኑበት ዘዴ ነው። ከዚያ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ወደ ሞደምነት ይለወጣሉ፣ መለያ ቁጥራቸውም አብሮ ይለወጣል። ኡቡንቱ ላይ `lsusb` ብትሉ መጀመሪያ `12d1:1446` ታያላችሁ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ስትደግሙት `12d1:1436` ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል፣ `12d1`፣ የአምራቹ ስለሆነ አይነካም። በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ሞደሙን ለጌስት የሰጠ ሰው፣ ለውጡ ሲመጣ ሞደሙ ከጌስቱ እልም ይልበታል። «ሞደሙ ተበላሸ» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ ቀላል መላ አለው። የዩኤስቢ ፊልተር ስትሠሩ የአምራቹን ቁጥር ብቻ አስገቡ፣ የምርቱን ባዶ ተዉት፦

```
VBoxManage usbfilter add 0 --target "Win10" --name "modem" --vendorid 12d1
```

እንዲህ ሲሆን ሞደሙ ሲዲም ሆነ ሞደም፣ ጌስቱ ይይዘዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስም፣ ሞደሙ ተነቅሎ ሲሰካም ያው ነው። ሊኑክስ ሆስት ላይ ግን ራሳችሁን `vboxusers` ቡድን ውስጥ ማስገባትና ወጥቶ መግባት አትርሱ፤ አለዚያ የዩኤስቢ ዝርዝሩ ባዶ ይሆንባችኋል። ከ7.0 ወዲህ ዩኤስቢ 2 እና 3 ያለ ኤክስቴንሽን ፓክ ይሠራሉ። በቆየ ስሪት ግን ፓኩ ያስፈልጋል፤ ፓኩ ደግሞ በነፃ የተፈቀደው ለግልና ለትምህርት ነው፣ ቢሮ ከሆናችሁ ፈቃድ ይጠይቃል።

ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ ከኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለንግድም ነፃ ነው። Removable Devices ከሚለው ሜኑ ገብቶ Connect ማለት ነው፤ ከሁሉም ለዓይን የሚቀለው እሱ ነው። ሞደሙ ሲለወጥ ግን እንደ አዲስ ዕቃ ስለሚታይ ደግማችሁ ማገናኘት ሊጠበቅባችሁ ይችላል። ሰው ፊቱ ተቀምጦ ለሚሠራበት ማሽን ችግር የለውም። ማንም ሳይነካው ሌሊት ኤስኤምኤስ ለሚልክ ማሽን ግን አልመርጠውም።

ሃይፐር-ቪን ለዚህ ሥራ ባታስቡት ይሻላል። እንደ ሌሎቹ ማንኛውንም ዩኤስቢ በቀጥታ የሚያሳልፍበት መንገድ የለውም። ፍላሽ ከሆነ በኢንሃንስድ ሴሽን ድራይቩን ማጋራት ይቻላል፤ ሞደም ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንም።

ኬቪኤም ለሊኑክስ ሰው ነው። ኬቪኤምን የሚጠቀመውን ኪውኢሙን በቀጥታ የሚያስነሳ ሰው ዕቃውን ትቶ የዩኤስቢ ጉድጓዱን መስጠት ይችላል፦

```
-device qemu-xhci -device usb-host,hostbus=1,hostport=2
```

እዚያ ጉድጓድ የተሰካው ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩ መቶ ጊዜ ቢለወጥ፣ ጌስቱ ጋ ይሄዳል። ከሁሉም የሚያስተማምነው ይህ ነው፤ ግን ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ሰው አይመከርም።

ለነጋዴው ቢሮ ቨርቹዋልቦክስን ከነፊልተሩ እመርጣለሁ። ትእዛዝ የማይፈራ ልጅ ካላቸው ኬቪኤም ይሻላቸዋል።

ፍላሽ ብዙ አያስቸግርም፣ መለያ ቁጥሩ አይለዋወጥምና። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ለጌስቱ ከመስጠታችሁ በፊት ሆስቱ ላይ አንማውንት አድርጉት፤ እየተጻፈበት ከነጠቃችሁት ፋይሉ ይበላሻል። ሌላው ፍጥነቱ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ዩኤስቢ 1.1 ከተመረጠ በሴኮንድ ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም፤ 4 ጊጋ ፋይል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፍላሹን ከመውቀሳችሁ በፊት ሴቲንጉን ወደ 3.0 ቀይሩ።

ሞደም ገና ልትገዙ ከሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ብሮውዘር ላይ `192.168.8.1` ሞክሩ። ገጽ ከተከፈተ ሞደሙ ራሱን እንደ ኔትወርክ ካርድ የሚያቀርብ ዓይነት ነው፤ ለኢንተርኔት ምቹ ነው። የኤስኤምኤስ ፕሮግራማችሁ COM ፖርት የሚጠይቅ ከሆነ ግን እሱን መልሱና፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ Ports ሥር የሚታየውን ግዙ።