እናቴ አሻራዋ አልነበብ ባላት ጊዜ ለረዱን ባለሙያዎች ምስጋና፣ ተመሳሳይ ቀጠሮ ላለባችሁም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በእናቴ የዜግነት ማመልከቻ ጉዳይ የረዱንን ሁለት ሴቶች ለማመስገን ነው። አንደኛዋ በሜሪላንድ ስልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሚሠሩ አገር ልጅ ናቸው፤ ጠበቃ ባይሆኑም በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በዩኤስሲአይኤስ ፊት ሰው ወክለው እንዲሠሩ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ የተሰጣቸው ተወካይ ናቸው። ሁለተኛዋ በአሻራ መስጫው ማዕከል ያገኘናት ባለሙያ ስትሆን፣ ስሟን እንኳ አላውቅም። የመጀመሪያዋ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ የሠሩትን ብቻ እጽፋለሁ፤ የሠሩትም ለሌላው ሰው የሚጠቅም ይመስለኛል።

እናቴ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አገር ቤት ሳለች እንጀራ ጋግራ በመሸጥ አሳድጋናለች፤ እዚህ ከመጣች በኋላም ሆቴል ውስጥ በጽዳት ሠርታለች። የጣቶቿን ጫፍ በብርሃን ስታዩት የአውራ ጣቶቿ መስመር ሲቀር የሌሎቹ ልስልስ ያለ ነው፤ በላዩ ላይም ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። በዕድሜ ምክንያት ቆዳ ወዙን ያጣል፣ የአሻራው መስመርም ዝቅ ይላል፤ በረኪና እና የጽዳት ኬሚካል ደግሞ ይህንኑ ያባብሳል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒትም የጣትን ቆዳ እንደሚልጥ ተወካይዋ ነግረውናል።

የዜግነት ማመልከቻው፣ ማለትም N-400፣ ከገባ በኋላ I-797C የሚል ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ቀኑ፣ ሰዓቱና የማዕከሉ አድራሻ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው ይኸው ወረቀትና ጊዜው ያላለፈበት ፎቶ ያለው መታወቂያ ነው፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግሪን ካርዱ ዋናው ነው። ገንዘብ እዚያ አይከፈልም፣ ጉርድ ፎቶግራፍም ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ተወካይዋ ከቀጠሮው በፊት ወረቀቱን ከግሪን ካርዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩን፤ የእኛ አገር ስም የአባትና የአያት ስም ሲቀያየርበት ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት፣ ስህተት ካለ አሻራው ከመወሰዱ በፊት ለባለሙያው መንገር ይሻላል። በቀጠሮው ቀን የማይመች ነገር ካለ ደግሞ ዝም ብሎ መቅረት አይገባም። በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ በኢንተርኔት ባለው የዩኤስሲአይኤስ አካውንት ቀኑን ማስቀየር ይቻላል፣ ነገር ግን ከቀጠሮው ሰዓት አሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ሲቀር መሆን አለበት። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል።

ማዕከሉ ውስጥ የሚደረገው ነገር አጭር ነው። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ከዚያ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይንና የጸጉር ቀለም የሚጠይቅ አንድ ገጽ ቅጽ ይሞላል። ቁመት በጫማና በኢንች፣ ክብደት በፓውንድ ስለሚጠየቅ ከቤት አስልቶ መሄድ ይረዳል፤ ለእናቴ 5 ጫማ ከ2 ኢንች እና 119 ፓውንድ ብዬ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻት ነበር። አብሮ ገቢ አያስፈልግም ይላሉ፣ ነገር ግን ቅጹን ለመሙላት ወይም ለመጓጓዝ እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው ይፈቀዳል። ከዚያ አሥሩም ጣቶች በመስታወቱ ላይ ይነሣሉ፣ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ፣ አውራ ጣቶች ለብቻ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ጣት ከጎን ወደ ጎን እየተንከባለለ። ፎቶ ሲነሡ መነጽር ይወልቃል፤ በሃይማኖት ምክንያት የሚከናነብ ሰው ፊቱ በግልጽ እስከታየ ድረስ መከናነቡን አይከለከልም። በመጨረሻ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ የሚፈረመው ፊርማ ተራ ፊርማ አይደለም፤ በማመልከቻው ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ በሕግ ፊት የሚደረግ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማታነብ እናት የምትፈርምበትን ነገር አስቀድማ በአማርኛ ልትሰማው ይገባል። የእኔ እናት ሰምታለች፤ ተወካይዋ ማመልከቻውን ከመላካቸው በፊት ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንብበውላታል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አሻራዋ ተወስዶ በወረቀቷ ላይ ማኅተም ተደርጎ ወደ ቤት ተመለስን። ከሳምንታት በኋላ ሌላ I-797C መጣ፤ አሻራዋ ስላልተነበበ እንደገና ትመለስ የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። በሰፈራችን ፎርም እየሞላ ገንዘብ የሚቀበል አንድ ሰው «ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ነው፣ አዲስ ማስገባት አለባችሁ» ብሎ ዋጋ ጠርቶልን ነበር። ተወካይዋ ግን ወረቀቱን አንብበው ነገሩ ከማመልከቻው ጋር እንደማይገናኝ፣ አዲስ ክፍያም አዲስ ቅጽም እንደማያስፈልግ አስረዱን። ማዕከሉ ላይ ማሽኑ ተቀብሎታል ማለት ኤፍቢአይ አነበበው ማለት አይደለም። አሻራው ወደ ኤፍቢአይ ይላካል፣ እዚያ ምስሉ ጥራት አንሶት ሲገኝ ይመለሳል፣ ዩኤስሲአይኤስም ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል።

ለሁለተኛው ቀጠሮ የሰጡን ምክር ቀላል ነበር፤ ቀደም ብላ ለበርካታ ቀናት ጠዋትና ማታ ቅባት እንድትቀባ፣ ሳህን ስታጥብ ጓንት እንድታደርግ፣ በቀጠሮው ዕለት ግን እጇን ታጥባ ያለ ቅባት እንድትሄድ። በጣም የረጠበ ወይም የወዛ ጣት መስታወቱ ላይ ይደበዝዛል፣ በጣም የደረቀ ደግሞ ቁርጥራጭ መስመር ብቻ ያሳያል። ሂና ወይም እንሶስላ የተቀባ ጣትም ቀለሙ እስኪለቅ ቢጠበቅ ይመረጣል።

ማዕከሉ ውስጥ ያገኘናት ባለሙያ ምስጋና የሚገባት በዚህ ቀን ላደረገችው ነው። የእናቴን ጣት በመጀመሪያ በእርጥብ መጥረጊያ አበሰችው፣ መስታወቱንም ጠረገችው፣ የመጀመሪያው ምስል በስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጥቁር ግርፍ ብቻ ነበር። እናቴ የተቻላትን ያህል አጥብቃ እየተጫነች ነበር። ባለሙያዋ በእጅ ምልክት አስቆመቻትና እኔን «እጃቸውን ያላልቁ፣ እኔ ልያዘው በላቸው» አለችኝ። ሳሳ ያለ መስመር ሲጫኑት ተድጦ ይጠፋል፤ ቀለል አድርጎ ማሳረፍ ነው የሚሻለው። እያንዳንዱን ጣት ራሷ ይዛ ያለ ጥድፊያ አንከባለለችው፣ የከፋውን ጣት ደግሞ ደጋግማ ወሰደችው። አውራ ጣቶቿ ጥርት ብለው መጡ፤ ከሌሎቹ ጥቂቶቹ ግን እስከ መጨረሻው ደብዛዛ ናቸው። እሷም ያንን አልደበቀችም፤ «የምችለውን አድርጌያለሁ፣ ውጤቱን የሚወስነው ኤፍቢአይ ነው» አለችን። ስለ ማመልከቻው ውጤት ግን ምንም አልነገረችንም፣ መናገርም አይፈቀድላትም፤ እነዚህን ሠራተኞች ስለ ፋይል መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛውም አልተነበበም። የተወካይዋ ሥራ በትክክል የታየው ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ በመጀመሪያ ያሰብነው ከአሻራ ነፃ መሆን ትችላለች ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን ሁለቱን መንገድ ለየት አድርገው አስረዱን። ከአሻራ ነፃ የሚደረገው በጤና ችግር ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት አሻራ ጭራሽ መስጠት የማይችል፣ ወይም አንድም የሚነበብ ጣት የሌለው ሰው ነው፤ ያም ሰው በአካል ቀርቦ ኃላፊነት ያለው የዩኤስሲአይኤስ መኮንን አይቶት ሲወስን ብቻ ነው፣ ውሳኔውም ይግባኝ የለውም። ጣት መጉደሉ ብቻውን፣ ለጊዜው የቆሰለ እጅ፣ ወይም ምስሉ ጥራት ማጣቱ በቂ ምክንያት አይሆንም። የእናቴ አውራ ጣቶች ስለሚነበቡ እሷ በዚህ በኩል አትገባም። የእሷ መንገድ ሁለት ጊዜ ያልተነበበ አሻራ ያለው ሰው የሚሄድበት ነው፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከኖረችበት ቦታ ሁሉ ከአካባቢው ፖሊስ የወንጀል ሪከርድ እንደሌለባት የሚገልጽ ደብዳቤ አምጥታ፣ በኢንተርቪው ላይ ደግሞ በመሐላ ቃሏን መስጠት ነው። የአምስት ዓመቱ ልክ ለአብዛኛው አመልካች ሲሆን፣ በዜጋ የትዳር ጓደኛ በኩል ለሚያመለክት ሦስት ዓመት ነው።

እናቴ በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ በመጀመሪያ እኅቴ ዘንድ ቨርጂኒያ፣ ቀጥሎ እኔ ዘንድ ሜሪላንድ ስለኖረች ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ተወካይዋ በማመልከቻው ላይ የተጻፉትን አድራሻዎች ከነገባችበትና ከወጣችበት ወር በአንድ ወረቀት ዘርዝረው ሰጡን፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ ይህን ጊዜ መሸፈን አለበት አሉ፣ አንድ ወር እንኳ ክፍት ከቀረ መኮንኑ ሊጠይቅ ይችላል። ሌላው ያስጠነቀቁን ነገር እኛ ፈጽሞ ያላሰብነው ነው። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ማረጋገጫ በአሻራ የሚሠራ ነው፣ ያ ለእናቴ ወደዚያው ችግር መመለስ ነው፤ መጠየቅ ያለበት በስምና በትውልድ ቀን የሚፈለገው የአካባቢ ፖሊስ ሪከርድ ነው። ስሟም በአባቷ ስም ብቻ እና ከአያቷ ስም ጋር፣ በሁለቱም መልክ እንዲፈለግ ለፖሊስ ባቀረብነው ጥያቄ ላይ አስጻፉን፤ በአንዳንድ ወረቀቷ ላይ አያቷ፣ በሌላው ላይ አባቷ እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግበዋልና።

በኢንተርቪው ቀን እናቴ ሁለቱን ደብዳቤ ዋናውንና ኮፒውን፣ ማኅተም ያለባቸውን ሁለቱን የአሻራ ቀጠሮ ወረቀቶችም አብራ ይዛ ገባች። መኮንኑ ደብዳቤዎቹን ተቀብሎ ፋይሉ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያም ታስራ ወይም ተከሳ ታውቅ እንደሆነ በመሐላ ጠይቆ መልሷን ጽፎ አስፈረማት። አሻራዋን የሚመለከተው ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

ተወካይዋን ማግኘት የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ የድርጅታቸውን ስልክ እሰጣለሁ፤ ለቀጠሮ ሲሄድ ከዩኤስሲአይኤስ የመጣለትን እያንዳንዱን ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትንም የሌለበትንም፣ ይዞ ይሂድ። ከዋሽንግተን አካባቢ ውጭ ያላችሁ ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጣቸውን ድርጅቶችና ተወካዮች ስም ዝርዝር በየግዛቱ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፎርም የሚሞላላችሁ ሰው ስሙ እዚያ መኖሩን፣ ወይም ጠበቃ ከሆነ ፈቃዱን ተመልከቱ።