ሩዝ፣ ማሽላ ወይስ ምስር? ስኳር ላለበት ሰው ምን ይገዛ?

ስልኬ በጠራ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ስኳር አለብህ አሉኝ፣ ሩዝ ልተው? ማሽላ ይሻላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ለሁሉም በየተራ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው አልኩ። መልሴን አልደብቅም፦ ገንዘባችሁን ምስር ላይ አውሉ። ማሽላ እንደ አሠራሩ ነው። ነጭ ሩዝ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ይህን የተማርነው ከስረን ነው። ደሴ ያለችው አክስቴ ስኳር እንዳለባት ሲነገራት ጎረቤት ሁሉ «ማሽላ ብዪ» አላት። ከሱቅ አምስት ኪሎ የማሽላ ዱቄት ገዛች። እንጀራው ያደረ ዕለት ደረቀ፣ ጠርዙም ተሰነጣጠቀ። ስኳሯም አልወረደም። እኔ ከሰኞ ገበያ ነጭ ማሽላ ገዝቼ አስፈጨሁና ሁለቱን ጎን ለጎን ጋገርን። የእኛው በማግሥቱም ይጠቀለል ነበር። ሻጩ ስንጠይቀው «በቆሎ ትንሽ ገብቶበታል» አለ። በቆሎ ከማሽላ ይረክሳላ! ከዚያ ወዲህ የተፈጨ ነገር አንገዛም። እህሉን እናያለን፣ እንለቅማለን፣ ወፍጮ ቤት ቆመን እናስፈጫለን።

ግን ንጹሕ ማሽላም ቢሆን አክስቴ የጠበቀችውን ያህል አልረዳትም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለውን፣ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳየውን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ሐሳቡን በ1981 ያወጡት ዴቪድ ጄንኪንስ የተባሉ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አለካኩ እንዲህ ነው። አሥር ያህል ሰዎች ጾመው አድረው 50 ግራም ሆድ ውስጥ የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት ያለው ምግብ ይበላሉ። ለሁለት ሰዓት፣ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15፣ በሁለተኛው በየ30 ደቂቃው የደማቸው ስኳር ይለካል። በሌላ ቀን ደግሞ 50 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው እንደዚያው ይለካሉ። የግሉኮሱ ጭማሪ 100 ተብሎ የምግቡ ጭማሪ ከሱ ጋር ይነጻጸራል። 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ ነው፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። የተቀቀለ ነጭ ሩዝ በአማካይ 73 አካባቢ ነው። ምስር 32 አካባቢ።

ሁለቱም ውስጣቸው በአብዛኛው ስታርች ነው፣ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ግሉኮስ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከሽፋኑ ነው። የምስር ስታርች በጠንካራ የሴል ግድግዳ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ድፍን ምስር ሲቀቀል ግድግዳው በአብዛኛው አይፈርስም፣ ስለዚህ የሆዳችን ኢንዛይም ስታርቹ ጋ ለመድረስ ይቸገራል። ከዚህ ሌላ ምስር አሚሎዝ የሚባለው የስታርች ዓይነት በዛ ይልበታል። አሚሎዝ ሲቀዘቅዝ ተጣብቆ ይጠነክራል፣ ቶሎም አይፈጭም። ሩዝ ግን ገለባውና ብራኑ በማሽን ተልጦ ወጥቷል። ውስጡ አብዛኛው አሚሎፔክቲን ነው፣ ሲፈላ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ኢንዛይም ሲያገኘው ወዲያው ይበትነዋል። በማንኪያ ሲነሱት የሚጣበቀው ሩዝ ከሁሉም የባሰ ነው። ረጅሙና የማይጣበቀው ይሻላል።

ማሽላ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። የማሽላ ፕሮቲን ስታርቹን ከቦ ይይዘዋል፣ በውሃ ሲፈላም ይበልጥ ይጠብቃል። እኛ ወሎ ውስጥ ለጠላ የምንፈልገው ቀዩ ዘንጋዳ ደግሞ ታኒን አለው። ምላስ ላይ የሚያኮማትረው እሱ ነው፣ የኢንዛይምንም ሥራ ያዘገያል። ነጩ ማሽላ ግን ታኒን የለውም ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ ነጩን እንመርጣለን፣ እንደ ዱቄት እናልመዋለን፣ እናበስላለን። ወፍጮው ሽፋኑን ሰባብሮታል፣ ስታርቹ ተጋልጧል። ከላመ ዱቄት የተሠራ ገንፎ ስኳርን ቶሎ ያወጣል። እንጀራ በመቦካቱ ያገኘው አሲድ ትንሽ ያግዘዋል። ከሁሉም የሚሻለው ንፍሮ ነው፣ ቀጥሎ ሸካራ ተደርጎ የተከካ ቅንጬ። አክስቴን ያልረዳት እህሉ ሳይሆን ልመቱ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው። እኔ በመጨረሻ ገበያ ስወጣ ኪሎ ሩዝ 140 ብር፣ ነጭ ማሽላ 75፣ ድፍን ምስር 190 ከፈልኩ። አክስቴ «ምስር አይቀመስም» ያለችው ኪሎውን አይታ ነው። እኔ ሳህኑን አሰላሁላት። ለአንድ ሰው ሩዝ 75 ግራም ጥሬ ይወስዳል፣ 10 ብር ከ50 ሳንቲም። ምስር 50 ግራም ጥሬ ይበቃል፣ 9 ብር ከ50። እንዲያውም ይረክሳል። ማሽላ 100 ግራም 7 ብር ከ50 ነው፣ የወፍጮው ሲጨመር ከምስሩ ብዙም አይርቅም።

ሳህኑን በስኳር በኩልም እንየው። በ75 ግራም ሩዝ ውስጥ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። በ73 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 44 ይሆናል። ይህ ግላይሴሚክ ሎድ ይባላል፤ መጠኑንም አብሮ የሚቆጥር ስለሆነ ከኢንዴክሱ ይልቅ ለማዕድ ይጠቅማል። ከ20 በላይ ከፍተኛ ነው። በ50 ግራም ምስር ውስጥ የሚፈጨው ካርቦሃይድሬት 26 ግራም ያህል ነው፣ በ32 ሲሰላ 8 ይሆናል። ምስሩን ከሙሉ እንጀራ ጋር ብትበሉት ግን የእንጀራው ይደመርበታል። አክስቴ እንጀራዋን ግማሽ አደረገች፣ ምስሩን እጥፍ።

በቤት የስኳር መለኪያ ሁለት ቀን ሞከርን። በሩዙ ቀን ከመብላቷ በፊት 121፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 218። በአዚፋና ግማሽ እንጀራ ቀን 124 ተነሥቶ 163። ይህ ግን ኢንዴክስ አይደለም። አንድ ሰው ነው፣ መለኪያውም በትንሹ ሊሳሳት ይችላል፣ ስትሪፑም ርካሽ አይደለም። ስትለኩ እጃችሁን ታጠቡ። ፍራፍሬ የነካ ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ስትገዙ ድፍኑን ምረጡ። ክኩ ቶሎ ይበስላል፣ ግን ቆዳውን አጥቷል፣ ድስት ውስጥም ቶሎ ይሟሟል። እሱም ቢሆን ከሩዝ በእጅጉ ይሻላል። ምስሩ የተሸበሸበና የጠቆረ ከሆነ አሮጌ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢጣድ አይበስልም፣ ከሰሉንም ይበላዋል። ቀዳዳ ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል። ጠጠሩን ደግሞ በሰፌድ ሳይሆን በእጅ ልቀሙት፤ እኔ ጥርሴን ያስነቀልኩበት ጊዜ አለ። አቀቃቀሉ ላይ ምስሩ ለስለስ እንዳለ፣ ሳይፈርስ አውጡት። አቀዝቅዛችሁ በሰናፍጭና በሎሚ አዚፋ ካደረጋችሁት ቅዝቃዜውም አሲዱም ይረዳችኋል።

ሩዝ የግድ ከሆነ፣ ለሠርግም ይሁን ለረመዳን፣ ረጅሙን ምረጡ። በጥቂቱ፣ ከምስር ጋር፣ አስቀድማችሁ ምስሩን ብሉ። «ሩዝ ትቻለሁ» የምትሉም የምትገዙትን እንጀራ ጠይቁ። ገበያ ላይ ከሚሸጠው የጤፍ እንጀራ አንዳንዱ ሩዝ ይገባበታል። ሲነጣና በማግሥቱ ድርቅ ሲል ጠርጥሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ምግብ በአንድ ቀን አትገልብጡ። ምግቡ ሲቀንስ መድኃኒቱ እንዳለ ከቆየ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። አክስቴ መጀመሪያ ሳምንት ላይ እጇ ተንቀጥቅጦ፣ ላብ አጥምቋት ነበር። ስንለካት 58 ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናት፣ በማግሥቱም ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰላት።