ወረቀት ለሚቀረቅር ፕሪንተር ምን ይገዛ? ደረቅ ወረቀት፣ አዲስ ጎማ ወይስ አዲስ ማሽን

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወዳለ አንድ ቢሮ ለጥገና ስጠራ፣ የግዥ ክፍሉ ለአዲስ ፕሪንተር ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ጨርሶ ነበር። ማሽኑ አራት ዓመት ያገለገለ ሌዘር ነው። ኅትመቱ ጥርት ያለ ነው፤ ቶነሩም ገና አላለቀም። ሆኖም ወረቀት ይቀረቅራል። «ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስንጎትት ከመዋል አዲስ ቢገዛ ይሻላል» አሉኝ የንብረት ክፍሏ ኃላፊ። እኔም አንድ ሰዓት እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ለዚህ ችግር የሚገዙት ሦስት ነገሮች ዋጋቸው እጅግ የተራራቀ ነው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ ደግሞ ወረቀቱ የቆመበት ቦታ ይናገራል።

በመጀመሪያ በመሳቢያው ውስጥ ካገኘሁት ወረቀት 100 ገጽ አተምኩ። ደስጣው ሰኔ ላይ ተከፍቶ መስኮት ሥር የከረመ ነው። ሰባት ጊዜ ቆመ። አምስቱን ጊዜ የቆመው ወረቀቱ ገና ከመሳቢያው ሳይወጣ ሲሆን፣ ሁለቱን ጊዜ ግን ከኋላ፣ ሞቆ በሚወጣበት በኩል ነው። ቀጥሎ ካልተከፈተ ደስጣ ሌላ 100 ገጽ አተምኩ። ከኋላ መቆሙ ጨርሶ ጠፋ፤ በመሳቢያው አፍ ግን አሁንም ሦስት ጊዜ ቆመ። ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ችግሮች ተደራርበዋል ማለት ነው፤ አንዱ የወረቀቱ፣ ሌላው ወረቀት የሚያነሣው ጎማ።

ከሁሉም ርካሹ ግዥ ወረቀት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ወረቀት ከፋብሪካ ሲወጣ ከክብደቱ 4 ወይም 5 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ የደስጣው መጠቅለያም ተጨማሪ እርጥበት እንዳይገባ ይከላከላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ጉሙና ዝናቡ ሲፈራረቁ የተከፈተ ወረቀት ከጠርዙ ጀምሮ እርጥበት ይስባል። ጠርዙ ይሞገዳል፣ ቅጠሎቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከዚያ ቶነሩን ወደሚያቀልጠው ክፍል፣ ፊውዘር ወደሚባለው፣ ይገባል። እዚያ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጠጋ ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ወረቀቱም ይጠቀለልና መውጫው ላይ ይሰናከላል። የታተመው ገጽ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ከወጣ፣ ወይም በመውጫው በኩል ስስ እንፋሎት ከታየ፣ ጎማ ለመግዛት አይቸኩሉ።

ሲገዙ 80 ግራም ከ70 ግራም ይመረጣል፤ ስሱ ወረቀት በእርጥበት ቶሎ ይጠቀለላል። ከግራሙ በላይ ግን መጠቅለያውን ይመልከቱ። ጥጉ የተቀደደ ደስጣ በቅናሽ ቢሰጥዎትም በሐምሌ አይግዙ። ከቀዝቃዛ መጋዘን የወጣን ደስጣም ወዲያው አይክፈቱት፤ እንደታሸገ በቢሮው ውስጥ ይደር፣ አለበለዚያ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ጤዛ ይጥላል። ሸዋ ሮቢት ላሉ ቢሮዎች ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ብዙ አያሳስብም፤ እዚያ ሙቀቱና አቧራው ጎማውን ቀድመው ይጎዱታል።

ጎማው ሲያልቅ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሲዳሰስም እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል። ማሽኑ ለማንሣት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ጎማው ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል፤ በመጨረሻም መሳቢያው ሞልቶ ሳለ «ወረቀት የለም» ይላል። ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ በውኃ በትንሹ የራሰና ክር የማይለቅ ጨርቅ ይዘው፣ ጎማውን እያዞሩ ይጥረጉትና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ቆሻሻው የወረቀት ብናኝ ብቻ ከነበረ ለወራት ይሠራል። የእኛው ዘጠኝ ቀን ብቻ ሠርቶ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጎማው ራሱ እንዳለቀ ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ጎማ ያገኛሉ። ኦሪጅናሉ ውድ ነው፤ ልኩና ልስላሴው ግን ለዚያው ማሽን የተሠራ ነው። ተመሳሳይ ተብሎ የሚሸጠው በጣም ይረክሳል፤ ጥራቱ ግን ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። በጥፍርዎ ጫን ሲሉት ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስ፣ በዘንጉ ላይ ሲገጠም የማይወላወል ከሆነ ይጠቀሙበት፤ በቀን ከመቶ ገጽ በታች ለሚያትም ቢሮ እኔ ራሴ እመክረዋለሁ። ሦስተኛው ከተጣለ ማሽን የተፈታው ነው። ይህን አልገዛም፤ ጎማ ባይሠራም እንኳ ከዓመታት ብዛት ይደርቃል። በአሸዋ ወረቀት አሽቶ ማሻከርም የተለመደ ዘዴ ነው፤ አዲሱ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ያሻግራል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ጎማውን ሲያዙ ከሥሩ ያለችውን መለያ ንጣፍ አብረው ይዘዙ። ሥራዋ ሁለተኛውን ወረቀት ይዛ ማስቀረት ነው። ማሽኑ ሁለት ሦስት ቅጠል አንድ ላይ የሚስብ ከሆነ ያለቀችው እሷ ናት፤ አዲስ ጎማ ብቻ ቢገጠም የበለጠ አጥብቆ ስለሚስብ ችግሩ ይብሳል። ወረቀቱ የረጠበ ከሆነ ግን ደረቁን ሳይሞክሩ በንጣፏ ላይ አይፍረዱ።

ጎማውም ንጣፉም ተቀይረው፣ ወረቀቱም ደርቆ፣ ስክሪኑ ላይ `Paper Jam` የሚለው አልጠፋ አለ። ውስጡ ባዶ ይመስላል። ቅርጫት ውስጥ የተጣሉትን የተቀደዱ ገጾች አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምኳቸው፤ ከአንዱ ገጽ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥግ ጎደለች። ያችን ብጣሽ ያገኘኋት ከኋላ በር ውስጥ፣ ወረቀት ሲያልፍ ከፍ ዝቅ የምትለዋ የፕላስቲክ ምላስ ሥር ነው። ምላሷ ተነሥታ ስለቀረች ማሽኑ ወረቀት እንዳለ ያምን ነበር። በፒንሴት ስትወጣ መልእክቱ ጠፋ። ብጣሿ የቀረችው ወረቀቱ ወደ ኋላ ስለተጎተተ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ፊውዘሩ በርዶ፣ በሁለት እጅ፣ ወረቀቱ በሚጓዝበት አቅጣጫ በዝግታ ሲሳብ አይቀደድም። ይህ ጥገና ምንም አልተገዛበትም፤ ሆኖም በዚህች ብጣሽ ምክንያት ብቻ ደኅና ማሽን ሲጣል አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አዲስ ማሽን መግዛት የሚገባው የማርሽ ጥርስ ሲሰበር፣ ፊውዘሩ ሲበላሽ፣ ወይም ለሞዴሉ ጎማ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ለእኛ አካባቢ ወረቀቱን ከላይ ወይም ከኋላ ገልጦ ከሚይዝ ይልቅ ዝግ መሳቢያ ያለው ይሻላል፤ አቧራም ጉምም ይቀንስለታል። ሻጩ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ጎማውን በእጁ አውጥቶ መልሶ እንዲገጥም ይጠይቁት። ማሽኑን መፍታት ግድ ከሆነበት፣ ወይም መለዋወጫ ጎማውን በዚያው ዕለት ሊያሳይዎት ካልቻለ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።